ከ143 ቃል ወደ 23፦ የእህቴን የበዓል ፍላየር እንዴት አሳጠርኩት

ታላቅ እህቴ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ምንጣፍ ታጥባለች። የሥራዋ ወቅት ነሐሴ ነው። ፍልሰታ ሲጋመስ ሰው ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ማሰናዳት ይጀምራል፤ ዝናቡ ደግሞ ገና አላባራም። ባለፈው ክረምት ልትበትነው ያዘጋጀችውን ፍላየር አሳየችኝና «እስቲ አሳምርልኝ» አለችኝ። ቃላቱን ብቆጥራቸው 143 ሆኑ።

የሚጀምረው «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ አደረሰን» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ድርጅታችን በዘመናዊ መሣሪያዎችና በሰለጠነ የሰው ኃይል በመታገዝ» ይላል። ከዚያ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ሶፋ፣ የመኪና ወንበር እያለ ይዘረዝራል። ከሥሩ ሦስት ዓይነት ቅናሽ አለ፦ ለምንጣፍ 15 በመቶ፣ ለአዲስ ደንበኛ 10 በመቶ፣ ብዙ ላመጣ ደግሞ «ልዩ አስተያየት»። በመጨረሻ ሦስት ስልክ ቁጥር።

ምንም ሳልነካ ፍላየሩን ይዤ ሰፈራችን ያለች ባለ ሱቅ ጋ ሄድኩ። አምስት ሰከንድ ያህል አሳይቻት መልሼ ደበቅኩትና «ምን ይላል?» አልኳት። «እንኳን አደረሳችሁ ይላል። የባንክ ነው?» አለችኝ። ችግሩ እዚያው ታየኝ። ሰው ባጃጅ እየጠበቀ የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ነው። የእህቴ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ማንኛውም ድርጅት በበዓል የሚለው ነበር።

እስክሪብቶ ይዘን አብረን ተቀመጥን። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቀረብኩለት፦ ይህን ሌላ አጣቢ በራሱ ፍላየር ላይ ቢጽፈው እውነት ይሆናል? ከሆነ ይሰረዝ። ዘመናዊ መሣሪያውም፣ የሰለጠነ የሰው ኃይሉም፣ «ጥራት መለያችን ነው»ም ሄደ። ስንጨርስ ሊቀር የሚችለው ስልኩና የዕቃው ዝርዝር ብቻ ሆነ። እህቴ ተከፋች። እውነቷን ነው፤ ያን ሁሉ ቃል ለፍታ ነው ያሰናዳችው።

አርዕስቱን ያገኘነው ከወረቀቱ ሳይሆን ከስልኩ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ደንበኞች የሚጠይቁትን ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው ደወለ። ሰባቱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «በዚህ ዝናብ ይደርቃል ወይ? ለበዓል ይደርሳል?» ሦስቱ ዋጋ ጠየቁ፣ አንዱ አድራሻ። መሣሪያው ዘመናዊ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ምንጣፍ በሁለት ቀን ውስጥ ይሸታል። ሰው የሚፈራው እሱን ነው። እህቴ ደግሞ ከጣሪያ ሥር ማንጠልጠያና ሁለት ትላልቅ ማራገቢያዎች አሏት፤ ፍላየሩ ላይ ግን ስለ እነሱ አንዲት ቃል አልነበረም።

መጀመሪያ የሞከርኩት አርዕስት «ንጹሕ ቤት ለአዲስ ዓመት» የሚል ነበር። ያምራል፣ ግን የቀለምም የሳሙናም ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ዕቃው በስሙ መጠራት ነበረበት፣ ፍርሃቱም መመለስ። እንዲህ ሆነ፦

ምንጣፍዎ ለእንቁጣጣሽ ደርቆ ይደርሳል

ንዑስ ርዕሱ አርዕስቱን በሌላ ቃል መድገም የለበትም። አርዕስቱን ያነበበ ሰው «እንዴት አድርጋችሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ ሥራው ለዚያ መልስ መስጠት ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ቢቀጥልም ከጣሪያ ሥር በማራገቢያ አድርቀን በ4 ቀን እንመልሳለን» አልን። ማድረቁ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ይበቃዋል። አራተኛውን የጨመርነው ሌሊቱን መብራት ቢጠፋ ቃላችን እንዳይታጠፍ ነው።

ብዙ የተከራከርነው በኦፈሩ፣ ማለትም ለደንበኛው በምንሰጠው ጥቅም ላይ ነው። ሦስት ቅናሽ ያየ ሰው የትኛው የእሱ እንደሆነ ለማወቅ ማስላት ይጀምራል፣ ከዚያ ይተወዋል። አንድ ብቻ እንምረጥ ብለን ሒሳቡን ሠራን። እህቴ በካሬ 100 ብር ታስከፍላለች። ሁለት በሦስት የሆነ ምንጣፍ 6 ካሬ ነው፣ 600 ብር። 15 በመቶ ሲቀነስ 90 ብር ነው። በሌላ በኩል ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ለመውሰድ 150፣ ለመመለስ 150 ይፈጃል። ለአንድ ምንጣፍ 300 ብር አያዋጣም። ግን ከአንድ ሰፈር ሦስት ምንጣፍ አንድ ላይ ከተጫነ ለእያንዳንዱ 100 ብር ይደርሰዋል። ከቅናሹ የሚበልጠው በ10 ብር ብቻ ነው፤ ለደንበኛው ግን ምንጣፍ ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ ከመሄድ ያድነዋል። ቅናሹን ትተን፣ ምንጣፉን በነፃ ለማመላለስ ሰፈሮችን በቀን ከፈልናቸው።

ቀነ ገደቡንም ከሥራው አወጣነው። ነሐሴ 28 የተወሰደ ምንጣፍ ቢዘገይ ጳጉሜ 2 ይመለሳል፤ ለበዓሉ ጥቂት ቀን ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አድርቃ ማድረስ አትችልም። ስለዚህ «እስከ ነሐሴ 28 ከደወሉ በባጃጅ ከቤትዎ የምንወስደውም የምንመልሰውም በነፃ ነው» ብለን ጻፍን። ከሥሩ አንድ ስልክ ብቻ፣ በትልቁ። ሁለቱን ቁጥሮች ያወጣናቸው ብዙ ጊዜ ስለማይነሱ ነው።

ሁሉም 23 ቃል ሆነ። በፊት ከአንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ፍላየር ነበር የሚወጣው፣ አሁን አራት ወጣ። ባለ ሱቋ ጋ ተመለስኩ። አምስት ሰከንድ አይታ «ምንጣፍ አጣቢዎች ናቸው፣ ለበዓል ያደርሳሉ» አለችኝ።

ያም ሆኖ ሁለት ነገር አምልጦኛል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ደውሎ የበር መጥረጊያ ምንጣፍ በነፃ ባጃጅ ይወሰድልኝ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጠን አልጻፍኩም። ኦፈሩ ሥር «ከ4 ካሬ ጀምሮ» የሚል ጨመርን። ሁለተኛው ይበልጣል። «እኛ ስለምንመጣ አድራሻ አያስፈልግም» ብዬ ሰርዤው ነበር። ግን ደዋዮች «የት ነው ያላችሁ?» ማለታቸውን አልተዉም። ነገሩ የመንገድ ጥያቄ አልነበረም። ምንጣፉን ለማያውቀው ባለ ባጃጅ የሚሰጥ ሰው ቢጠፋበት የሚሄድበትን ቦታ ማወቅ ይፈልጋል። በሁለተኛው ኅትመት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት ጠቅሰን አንድ መስመር መለስን።

400 ፍላየር በተንን። እህቴ ለደወለ ሁሉ «ከየት አገኙን?» እያለች ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። ፍላየሩን አይተው የደወሉ 31 ሆኑ፤ ከእነሱ 22 ምንጣፍ ገባ። ካቻምና ስላልቆጠረች ሁለቱን ማነጻጸር አልችልም። ስልኩ ላይ ያለው ለውጥ ግን ግልጽ ነው፦ ሰው «ይደርቃል ወይ?» ማለቱን ትቶ «የኛ ሰፈር ቀን መቼ ነው?» ይላል። መጋረጃና ብርድ ልብስ ከወረቀቱ በመውጣታቸው ፈርታ ነበር። ባለ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ «መጋረጃስ አለ?» እንዲል አደረግን፤ ብዙዎቹ ጨምረው ሰጡት።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። «እንኳን አደረሳችሁ ሳይባል የበዓል ወረቀት? ነውር ነው» አለች። ልክ ነበረች፤ ቦታው ብቻ ነበር የተሳሳተው። ታጥቦ በሚመለሰው ምንጣፍ ላይ የምታስረው የስም ካርድ አለ። ከጀርባው በእጇ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ጻፈችበት፣ በሃያ ሁለቱም ላይ።