ቀን ጠፍቶ ሌሊት የሚመጣ ሐሳብ

በስደት ሦስተኛ ዓመቴ ላይ እንቅልፍ አጣሁ። ቀን ሥራ ላይ ደህና ነኝ። ማታ ጋደም ስል ግን ሐሳቡ ይመጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ የት ደረሰ? የእማዬ መድኃኒት አልቆ ይሆን? የቤት ኪራዩስ? አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይተካል። ልቤ ድው ድው ይላል። ስልኬን አነሳለሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። "አሁን ብተኛ 3 ሰዓት አገኛለሁ" ብዬ አሰላለሁ። ስሌቱ ራሱ ጭራሽ ያነቃኛል።

መፍትሔው ቶሎ አልጋ መግባት መስሎኝ ነበር። ለካ እያባባስኩት ነው። ሶፋ ላይ እያንጎላጀሁ፣ አልጋ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ይፈጣል። ያማከረችኝ የእንቅልፍ ባለሙያ ምልክቱ ይኸው ነው አለችኝ። ብዙ ሌሊት ነቅተን ስንጨነቅበት፣ አእምሯችን አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምደዋል።

ስለዚህ በግምት 20 ደቂቃ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ እነሳለሁ። ሰዓት አላይም፤ በግምት ነው። ደብዘዝ ያለ መብራት ሥር የማያጓጓ ነገር አነባለሁ። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ማንበብ ስጀምር እመለሳለሁ። የፈለገ ያህል አምሽቼ ብተኛ፣ እረፍት ቀንም ቢሆን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ቀን አልተኛም። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ድካሙ ይብሳል፤ በዚያ ሰሞን መኪና የሚነዳ ሰው በጣም ይጠንቀቅ።

ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ደብተሩ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ፤ አልጋ ላይ አይሆንም። በአንድ በኩል ያስጨነቀኝን፣ በሌላው ቀጥሎ የማደርገውን እጽፋለሁ። "ማመልከቻ" ከሚለው ጎን "ሐሙስ 4 ሰዓት ለጠበቃው መደወል"። "የእማዬ መድኃኒት" ከሚለው ጎን "ቅዳሜ ስንት ፍሬ እንደቀረ እህቴን መጠየቅ"። ምንም የማላደርግለት ከሆነ "አሁን በእጄ አይደለም" ብዬ እጽፋለሁ። ሐሳቡ ሌሊት ሲመጣ አልከራከረውም። "ተጽፏል፣ ነገ ማታ 1 ሰዓት" እለዋለሁ። መጀመሪያ ደጋግሞ ይመጣል። እየቆየ ግን ይሳሳል።

ስልኩ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ስተኛ አገር ቤት ይነጋል፤ መልእክቱ ይጎርፋል። አሁን ስልኬ ሳሎን ያድራል። ድምፁን ዘግቼ የእህቴ ጥሪ ብቻ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ። "የቸገረ ነገር ካለ አትጻፊልኝ፣ ደውዪ" ብያታለሁ። የምነቃው በተራ የጠረጴዛ ሰዓት ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከቀጠለባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለእንቅልፍ እጦት ተብሎ የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና ስላለ እሱን ጠይቁ። በስደት መንገድ ያያችሁት መከራ በቅዠት እየመጣ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን ደብተር አይበቃውም። እሱን ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት፤ ሕክምናው ሌላ ነው።