7x ≡ 3 (mod 11)ን የፈታሁበት መንገድ፤ ወደ ኋላ መተካትን ለምን እንደተውሁ

ይህን የምጽፈው ዲስክሪት ማቲማቲክስ የሚባለውን ኮርስ ለሚጀምሩ ሰዎች ነው። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ቀን በሒሳብ ሠራተኛነት እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር፣ ከኮርሱ ሁሉ አብዝቶ ያደከመኝ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ያ እርምጃ ደግሞ የሚያደክመው በራሱ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ በተሰጠን ሃንድአውት ላይ በሁለት ቃል ስለታለፈ ነው። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ምሽት ይተርፈኝ ነበር።

ጥያቄው ይህ ነው፦ 7x ≡ 3 (mod 11)። ትርጉሙም፣ 7 በ x ተባዝቶ ለ11 ሲካፈል 3 የሚተርፈው x ስንት ሲሆን ነው ማለት ነው። ባለ ሦስት መስመሩን ምልክት ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው ሥራው ያስገባው ሲሆን፣ ከእኩልነት ምልክት ጋር መመሳሰሉ ጠቃሚም አሳሳችም ነው። በተራው አልጀብራ ሁለቱንም ወገን ለ7 አካፍለን እንገላገል ነበር። እዚህ ግን የምንሠራው በድፍን ቁጥሮች ቀሪ ስለሆነ ሦስት ሰባተኛ የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ ለ7 በማካፈል ፈንታ፣ ከ7 ጋር ሲባዛ 1 የሚተርፈውን ቁጥር እንፈልጋለን። ይህ ቁጥር በሞዱሎ 11 የ7 ተገላቢጦሽ ይባላል። እርሱን ካገኘን ሁለቱን ወገን በእርሱ እናባዛለን፤ በግራ በኩል x ብቻውን ይቀራል።

ቁጥሩ እንዲህ ትንሽ ሲሆን ከ0 እስከ 10 ያሉትን መሞከር ይቻላል፤ መምህራችንም «ሞክሩት፣ ይወጣል» ብለው ነበር ያለፉት። እውነት ነው፣ 7 በ2 ሲባዛ 14 ነው፣ ከ14 ላይ 11 ሲነሣ 3 ይቀራል፤ መልሱ 2 ነው። ነገር ግን ፈተናው ላይ 37x ≡ 5 (mod 101) ሲመጣ ሙከራ አያዋጣም። በትንሹ ቁጥር ላይ መማር ያለብን ዘዴውን እንጂ መልሱን አይደለም።

ዘዴው የሚጀምረው የዛሬ 2300 ዓመት ገደማ በኖረው በዩክሊድ ስም በሚጠራው ማካፈል ነው። ትልቁን ለትንሹ ማካፈል፣ ከዚያም አካፋዩን ለቀሪው ማካፈል፣ ቀሪው 1 እስኪሆን ድረስ እንዲሁ መቀጠል፤ ይህ ማንንም አያስቸግርም።

```
11 = 1·7 + 4
 7 = 1·4 + 3
 4 = 1·3 + 1
```

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሃንድአውቱ ከእነዚህ ሦስት መስመሮች ቀጥሎ «ወደ ኋላ በመተካት» ብሎ በቀጥታ 1 = 2·11 − 3·7 ወደሚለው ይዘልላል። በመሐል ያለውን ሥራ አንድም መስመር አላሳየም። አዘጋጁ ይህን መጻፍ ግማሽ ገጽ እንኳ አይፈጅበትም ነበር፤ ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የተዘለለው ይህ ነው። ከመጨረሻው መስመር 1 = 4 − 3 እናገኛለን። ሁለተኛው መስመር 3 = 7 − 4 ስለሚል በ3 ቦታ እርሱን እናስገባለን፤ 1 = 4 − (7 − 4) ይሆናል። ከቅንፉ ውጭ ያለው መቀነስ የውስጡን 4 ወደ መደመር ስለሚለውጠው 1 = 2·4 − 7 ይመጣል። በመጨረሻም በ4 ቦታ 11 − 7ን ስናስገባ 1 = 2·(11 − 7) − 7፣ ማለትም 1 = 2·11 − 3·7 ይሆናል። 2·11 ለ11 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ይወድቃል፤ የቀረው −3·7 ≡ 1 ነው። ስለዚህ ተገላቢጦሹ −3፣ ወይም 11 ስንጨምርበት 8 ነው።

አብረን የምናጠና ልጆች ይህን ስንሠራ ከአንድ ጥያቄ አንዱ 3፣ ሌላው −3፣ ሌላው 8 ያወጣ ነበር። አንደኛዋ ደግሞ ጭራሽ መጨረሻ ላይ አልደረሰችም፤ 2·4 − 7 የሚለው ጋ ስትደርስ 2·4ን አባዝታ 8 − 7 ብላ ስለጻፈች፣ መስመሩ እውነት ቢሆንም መንገዱ ጠፋባት። ችግሩ የእርሷ አልነበረም። በዚህ ሥራ ውስጥ 4 እና 3 ቁጥርም ናቸው፣ በኋላ የሚተኩ ስሞችም ናቸው፤ ስለዚህ ሊባዙ አይገባም፣ ከፊታቸው ያለው ብዛት ብቻ ነው የሚደመረው። ይህን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በሃንድአውቱ ላይ የለም።

3 ያወጣውም ልጅ የሳተው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ይህን ማወቂያውም ቀላል ነው። 7 በ3 ሲባዛ 21 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 10 ይተርፋል። 10 ደግሞ በሞዱሎ 11 ከ−1 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ያገኛችሁትን ተገላቢጦሽ ስታባዙ ከሞዱሉ በአንድ የሚያንስ ቁጥር ከተረፈ፣ ሥራውን ሁሉ አትሰርዙ፤ ምልክቱን ብቻ ገልብጡ። ሌላ ቁጥር ከተረፈ ግን ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው።

እኔ አሁን ወደ ኋላ መተካትን ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ መምህራን የሚያስተምሩት እርሱን ቢሆንም ለጀማሪ አልመክረውም። በፈንታው እያንዳንዱን ቀሪ፣ ገና ሲገኝ፣ በሞዱሎ 11 የ7 ስንት እጥፍ እንደሆነ ከጎኑ እጽፋለሁ። 11 ራሱ የ7 ዜሮ እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ቀሪው ዜሮ ነው፤ 7 ደግሞ የራሱ አንድ እጥፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ መስመር፣ ሁለት መስመር በላይ ካለው ላይ የቅርቡን በድርሻው አባዝቶ መቀነስ ነው። እዚህ ድርሻው በየመስመሩ 1 ስለሆነ መቀነስ ብቻ ይበቃል።

```
11 ≡  0·7
 7 ≡  1·7
 4 ≡ -1·7
 3 ≡  2·7
 1 ≡ -3·7
```

በ4 መስመር ላይ 0 − 1 = −1፣ በ3 መስመር ላይ 1 − (−1) = 2፣ በ1 መስመር ላይ −1 − 2 = −3 ነው። የ11ን ብዛት መያዝ አላስፈለገም፤ ወደ ኋላ ስንተካ ግን በመጨረሻ የምንጥለውን ያንን ቁጥር እስከ መጨረሻው ተሸክመን እንሄድ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የሚፈተሽ መሆኑ ነው። «3 ≡ 2·7» የሚለውን ለማረጋገጥ 14ን ለ11 ማካፈል ብቻ ነው፤ ካልሆነ ስሕተቱ እዚያው መስመር ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያው መስመር የጥያቄያችንን መልስ ይዟል፦ 7 በ2 ሲባዛ 3 ይተርፋል። የቀኙ ቁጥር በአጋጣሚ ከቀሪዎቹ አንዱ ስለሆነ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ ግን ይህን ሳይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሠንጠረዡ ተገላቢጦሹን ብቻ ሳይሆን ብዙ ኮንግሩዌንሶችን፣ ማለትም እንደ 7x ≡ 3 (mod 11) ያሉ የቀሪ ጥያቄዎችን፣ በአንድ ጊዜ እንደሚፈታ ያሳያልና።

በ37 እና በ101 ላይ ድርሻዎቹ በቅደም ተከተል 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 2 ሲሆኑ፣ ሠንጠረዡ እንዲህ ይሆናል።

```
101 ≡   0·37
 37 ≡   1·37
 27 ≡  -2·37
 10 ≡   3·37
  7 ≡  -8·37
  3 ≡  11·37
  1 ≡ -30·37
```

ተገላቢጦሹ −30 ነው። 5 በ−30 ሲባዛ −150 ይሆናል፤ 202 ስንጨምርበት 52። ማረጋገጫው፦ 37·52 = 1924፣ 19·101 = 1919፣ ልዩነቱ 5። ሃንድአውቱ አሉታዊውን ወዲያው ወደ አዎንታዊ ለውጡ ይላል፤ በዚህ አልስማማም። በ71 ከማባዛት በ−30 ማባዛት ይቀልላል፤ በ8 ከማባዛትም በ−3። ትንሹን ቁጥር እስከ መጨረሻው መስመር ያዙት፣ የምትለውጡትም እዚያ ብቻ ይሁን።

ነገር ግን መጨረሻ ላይ መለወጡን አትተዉት። ይህን የምለው ሒሳቡ ስለሚያስገድድ አይደለም። እኔ 7x ≡ 3 (mod 11) በፈተና ሲመጣ −3ን በ3 አባዝቼ x ≡ −9 (mod 11) ብዬ ጻፍሁ፤ አራሚው በቀይ ሰረዘው። ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ስሄድ መምህሩ «የመልስ ቁልፉ ላይ 2 ነው የሚለው» አሉኝ።

«መምህር፣ በ−9 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት እኮ ልክ 11 ነው፤ በሞዱሎ 11 አንድ ናቸው» አልኋቸው።

«ከ0 እስከ 10 ባለው መጻፍ ነበረብሽ» አሉ። የጥያቄው ወረቀት ግን እንዲህ የሚል ትእዛዝ አልነበረበትም። ነጥቡ አልተመለሰልኝም፤ የኮንግሩዌንስን ዋና ሐሳብ የሚያስተምር ሰው ትክክለኛ መልስ መሰረዙ አሁንም ያናድደኛል። ስለዚህ ሒሳቡን በ−9 ጨርሱ፣ ከሥሩ ደግሞ «≡ 2» ብላችሁ ጨምሩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ተገላቢጦሽ የማይኖርበት ጊዜ ነው። በ6x ≡ 3 (mod 9) ላይ ያንኑ ሠንጠረዥ ብትሠሩ 9፣ 6፣ 3 ብሎ ያልቃል፤ 1 ላይ አይደርስም። የመጨረሻው ቀሪ 3 የ6 እና የ9 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው፤ 1 ካልሆነ 6 በሞዱሎ 9 ተገላቢጦሽ የለውም። እንዲህ ሲሆን የቀኙ ቁጥር ለ3 ያለ ቀሪ መካፈሉን ተመልከቱ። ካልተካፈለ፣ ለምሳሌ 6x ≡ 4 (mod 9) ላይ፣ መልስ የለም። ከተካፈለ ሦስቱንም ቁጥሮች፣ ሞዱሉን ጨምሮ፣ ለ3 አካፍሉ፦ 2x ≡ 1 (mod 3)። ከዚህ x ≡ 2 (mod 3) ይወጣል፤ ወደ ሞዱሎ 9 ስንመለስ መልሶቹ 2፣ 5 እና 8 ናቸው። ሞዱሉን ሳያካፍሉ 2x ≡ 1 (mod 9) ብለው የሚቀጥሉ ግን 5ን ብቻ ያገኛሉ። 5 ደግሞ ሲፈተሽ ትክክል ሆኖ ስለሚገኝ፣ 2 እና 8 እንደጠፉባቸው የሚያሳውቃቸው ነገር የለም።