ጎግል መቼ ተወለደ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ተጫጭኖኝ ስለነበር፣ ከያዝኩት ሥራ ለመሸሽ ያህል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣሁ፤ ጎግል የተመሠረተው መቼ ነው? ጠባዬን የምታውቁ እንደምትገምቱት፣ ድብርቱ ተረስቶ ጥያቄው ቀኑን ወሰደው።

ኩባንያው ልደቱን የሚያከብረው ሴፕቴምበር 27 ነው፤ ብዙ ማውጫዎችና ዊኪዎች ግን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1998 ይላሉ። የሁሉም መስማማት አላጽናናኝም፤ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ አምስት ምስክር የሚመስለው አንድ ሰው ሊሆን ይችላልና። የፊደል ግድፈቱ እንኳ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩ ይታወቃል።

ስለዚህ ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲነሣ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2004 ለአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ያስገባውን S-1 የተባለ ሰነድ ከፈትሁ። ጎግል በሴፕቴምበር 1998 በካሊፎርኒያ እንደተቋቋመ፣ በኦገስት 2003 ደግሞ በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በዴላዌር ዳግም እንደተቋቋመ ይናገራል። አንድ የምሥረታ ቀን ብቻ የሚጠይቅ ማውጫ ይህን ሁለተኛ ነገር ማስቀመጫ ስለሌለው ይጥለዋል፤ የዴላዌርን መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው በበኩሉ 1998ን አያገኝም። ሰነዱን የሚፈልግም ልብ ይበል፤ ከ2015 ወዲህ ሪፖርት የሚያስገባው የጎግል እናት ኩባንያ አልፋቤት ስለሆነ፣ የቀድሞዎቹ ሰነዶች ያሉት በአልፋቤት መለያ ቁጥር 1652044 ሳይሆን በ1288776 ሥር ነው።

ይህን ሰነድ የፈረሙት ሰዎች ሐሰት ቢጽፉ በሕግ ይጠየቃሉ። በዊኪ ላይ ቀን የቀየረውን ማን ይጠይቀዋል?

መዝገብን በጭፍን ማምለክም አይገባም። መዝጋቢው ራሱ የሚፈጽመውን ድርጊትና ሰዎች የሚነግሩትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። የምዝገባው ቀን የመዝጋቢው የራሱ ሥራ ስለሆነ ጽኑ ነው፤ የዳይሬክተሩ አድራሻ ግን የተነገረው ብቻ ነው። የብሪታኒያው የኩባንያዎች መዝገብ ቤት የሚጠራጠረውን መረጃ የመጠየቅና ውድቅ የማድረግ ሰፋ ያለ ሥልጣን ያገኘው ማርች 4 ቀን 2024 ነው፤ ከዚያ በፊት ቅጹ በአግባቡ ከተሞላ ይዘቱ ብዙም ሳይመረመር ይገባ ነበር። ስለዚህ ከዚያ መዝገብ የመቋቋሚያውን ቀን ያለ ስጋት እወስዳለሁ፤ የባለቤቱን ስም ግን ከሌላ ሰነድ ጋር ሳላስተያይ አልጠቅስም።

እዚህ ላይ ነገሩ የተቋጨ መስሎኝ ነበር። ይሁንና የጎራ ስሞችን መዝገብ ብመለከት google.com የተመዘገበው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ሆኖ አገኘሁት፤ ከኩባንያው አንድ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ይህም መዝገብ ነው፣ ይህም በራሱ የፈጸመውን ድርጊት ነው የሚመሰክረው። ታዲያ ጥያቄዬ ስለ ኩባንያው ነበር ወይስ ስለ ጎግል?