ለዓሣ ቤቱ በወር ስንት?

ነገ ማታ ወደ ዱባይ እመለሳለሁ። ሻንጣዬ ገና አልተዘጋም፤ በርበሬውም አልታሸገም። እኔ ግን ሽምብጥ በኩል ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ከደብተሬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ጠቅልዬ ገብቼ እዚሁ ባሕር ዳር ዓሣ ቤት ልከፍት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በወር ስንት ድርሃም ላስቀምጥ?

መጀመሪያ የሠራሁት ሒሳብ በጣም ደስ የሚል ነበር። የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ፣ በወር 20 ሺህ፣ 120 ሺህ ብር። ለሴራሚክ፣ ለውኃና ለመብራት መስመር 80 ሺህ። ፍሪዘር፣ ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ወንበርና ጠረጴዛ 170 ሺህ። ለንግድ ፈቃድና ለጣጣው 20 ሺህ። ለዓሣ፣ ለዘይትና ለሠራተኛ ደሞዝ የሚሽከረከር 60 ሺህ። ድምሩ 450 ሺህ ብር። እንዲመቸኝ አንዱን ድርሃም በ40 ብር ያዝኩት፤ 11,250 ድርሃም ሆነ። ለ24 ወር ሲካፈል በወር 470 እንኳ አይሞላም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያነቃኝ ዓሣ ከምታጸዳ ሴትዮ ጋር ያወራሁት ነገር ነው። ባለ ጀልባዎቹ ጠዋት ጠዋት ዓሣ በሚያራግፉበት ቦታ ናት፤ ቢላዋዋ እንደ ምላጭ ነው። አንዱን ቆሮሶ ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ሆዱን ቀድዳ፣ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ሁለት ስስ ሥጋ አውጥታ ጣለችው። የቀረው ጭንቅላትና አጥንት ከፊሌቶው በእጥፍ ይበልጣል። «ሦስት ኪሎ ገዝተሽ አንድ ኪሎ ብታወጪ ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የገዛሁትን ኪሎ ሁሉ የምሸጠው መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው የምትከፍቺው?» አለች።

«ለፋሲካ ነው የምገባው፤ ከፋሲካ በኋላ እከፍታለሁ።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ምን ነካሽ ልጄ? በበዓለ ሃምሳ ማን ዓሣ ይበላል? ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ ነው።»

ልክ ናት። እዚህ ዓሣ የሚፈለገው በጾም ነው፤ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለካህናቱ ይቆየኝ። ከዐቢይ ጾም በፊት ብገባ ሱቁ በመጀመሪያው ወር ራሱን ይችላል። ከፋሲካ ማግስት ብከፍት ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ባዶ ወንበር እየጠበቅኩ ደሞዝ እከፍላለሁ።

ያኔ ነው የረሳሁት ነገር የገባኝ፦ እስከዚያ እኛ ምን እንበላለን? አሁን ለእናቴ በየወሩ 500 ድርሃም እልካለሁ። ያ 20 ሺህ ብር ነው። እኔ የገባሁ ቀን ይቆማል፣ በዚያ ላይ አንድ አፍ ይጨመራል። የኛን ቤት ኑሮ በወር 25 ሺህ ይዤ ለስድስት ወር 150 ሺህ ጨመርኩ። ዕቅዱ 600 ሺህ ብር ገባ። 15 ሺህ ድርሃም፣ በወር 625።

ይህ ግን የዛሬ ዋጋ ነው። በብር ማስቀመጥን በተመለከተ እኔ ቅጣቴን ጨርሻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እዚህ ባንክ 120 ሺህ ብር ነበረኝ። ዶላር ያኔ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ 15 ብር ከምናምን ማለት ነው። ገንዘቤ ወደ 7,700 ድርሃም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ። ያ 120 ሺህ ዛሬ በያዝኩት ዋጋ 3,000 ድርሃም ነው። ደግነቱ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፣ ቢያንስ ዝናብ ይከለክላል። አሁን የማስቀምጠው በድርሃም ብቻ ነው።

ድርሃምም ቢሆን ከሁሉም አያድንም። ፍሪዘሩ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ዶላርን ተከትሎ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ላይ ብዙም አልጎዳም። ኪራይና ደሞዝ ግን ምንዛሪው ቆሞም ይጨምራሉ። ስለዚህ መጥፎውን ያዝኩ፦ ምንዛሪው ባለበት ይቆማል፣ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ይጨምራል። በሁለት ዓመት 600 ሺህው 864 ሺህ ይሆናል። 21,600 ድርሃም፣ በወር 900።

ደሞዜ 1,800 ነው። ለእናቴ 500፣ ለወንድሜ ኮሌጅ 200፣ ለራሴ ለካርድና ለሳሙና 250። የሚቀረው 850። ሃምሳ ድርሃም ነው የጎደለው፣ ምን አላት ብዬ ልዘጋው ነበር።

የሐዋላ ደረሰኞቼን ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ስድስት ወር ምንም አላስቀመጥኩም። አንዱ የእናቴ ሕመም፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ ሰርግ፣ ሁለቱ ፋሲካ፣ የቀሩትን አላስታውስም። ከስድስት አንድ ማለት ነው። እንግዲህ 24 ወር አለኝ ስል ያለኝ 20 ነው። 21,600 ለ20 ሲካፈል 1,080። ደሞዜ ለዚህ አይደርስም።

አንድ ዓመት ልጨምር? ሞከርኩት። በ36 ወር ውስጥ 30ውን ባስቀምጥ 25,500 ድርሃም ይሆናል። ዕቅዱ ግን በዚያው 20 በመቶ እየሄደ 25,920 ይደርሳል። አንድ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ አሁንም አልደረስኩበትም። የጨመርኩትን ግማሽ ያህል ራሱ ዋጋው ይበላዋል።

ስለዚህ ዛሬ ወንበሮቹን ሰረዝኩ። ቁጭ ተብሎ የሚበላበት ቤት ይቅር። ፊሌቶ በኪሎ፣ የተጠበሰ ደግሞ ይዞ ለሚሄድ፣ ከጠባብ ክፍል። ኪራዩ በግማሽ ይወርዳል፣ 60 ሺህ። ከቤት ማስተካከያው 40 ሺህ፣ ከዕቃው 60 ሺህ ይቀነሳል። ፍሪዘሩን አልነካሁም፤ የመኖሪያውን 150 ሺህም። ሳልገባ የምፈራው ያንን ነው፤ ሰው የሱቁን ገንዘብ በልቶ የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። የቀረው 440 ሺህ ነው። በሁለት ዓመት ጭማሪው 633,600፣ 15,840 ድርሃም። ለ20 ወር፣ በወር 792።

ከ850 ሲቀነስ 58 ይተርፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ዓሣ ምን እንደሚሆን ሳስብ ያ 58 ለበረዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። በየሦስት ወሩ ወንድሜ የኪራይና የዓሣ ዋጋ ጠይቆ ይልክልኛል፣ ሒሳቡን እንደገና እሠራለሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ ከ500 በላይ አልልክም፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«እሺ። የፋሲካው ዶሮስ?»

ደብተሩን ከፍቼ ምንም የማይቀመጥባቸውን አራት ወሮች አሳየኋት። «ይሄ አንዱ ያንቺ ዶሮ ነው።»

«ስንት ነው እሱ?»

«850 ድርሃም። 34 ሺህ ብር።»

«በ34 ሺህ ብር ዶሮ!» አለችና ደብተሩን መለሰችልኝ። «እንቁላል እበላለሁ፣ ተይው።»