ለኋላው ክፍል የከፈልኩት

አማቴ ከይርጋለም መጥተው ሐዋሳ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ የኋላውን ክፍል ሰጠናቸው። ቴሌቪዥን ገዛንላቸው። ሳሎን ውስጥ ለእግር ኳስ ስል በየወሩ የምከፍልበት ዲኮደር አለ። ያንኑ ምስል ወደ እሳቸው ክፍል በገመድ መሳብ ይቻል ነበር፤ ግን ሳሎን የተከፈተው ጣቢያ ብቻ ስለሚታይ ወይ እሳቸው ኳስ ያያሉ፣ ወይ እኔ ድራማ አያለሁ። ስለዚህ ሁለተኛ ዲኮደር ለማስገባት ወሰንኩ።

ኩባንያው ለሁለተኛው ዲኮደር ሙሉ ፓኬጅ አያስከፍልም፤ ሁለቱን በአንድ ደንበኛ ስም አስተሳስሮ በየወሩ አነስ ያለ የተጨማሪ ክፍል ሒሳብ ይጠይቃል። ርካሽ መሰለኝ። የዲኮደሩን ዋጋ፣ የገመዱንና የባለሙያውን ድካም ስደምር ግን የመጀመሪያው ወር ወጪ ከፓኬጁ በለጠ። ሁለተኛው ዲኮደር የሚያሳየው የዋናውን ፓኬጅ መሆኑን፣ ለአማቴ ለብቻ ትንሹን ፓኬጅ መምረጥ እንደማይቻል የሰማሁትም ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ባለሙያው ከጣሪያው ከወረደው አንድ ገመድ ላይ በማከፋፈያ ለሁለት ከፈለልንና ሄደ። በዚያው ቅዳሜ ጨዋታው በሰባ ደቂቃው ላይ ጠፋ፤ ማያው «ሲግናል የለም» አለ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሹን ነካካሁት፤ ምንም አላመጣም። እንደገና ሲመለስ ደግሞ በራሱ ተመለሰ። አማቴ ጣቢያ ቀይረው ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲሹ አፍ ላይ ያለው መቀበያ፣ ሰው ኤልኤንቢ የሚለው፣ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይቀበላል፤ አንዱ ቁመታዊ፣ ሌላው አግድም። የትኛውን እንደሚፈልግ ዲኮደሩ የሚነግረው በገመዱ ውስጥ በሚልከው ኤሌክትሪክ ነው፦ ለቁመታዊው 13 ቮልት፣ ለአግድሙ 18። ሁለት ዲኮደሮች አንድ ገመድ ሲጋሩ 18 የላከው ያሸንፋል፤ 13 ላይ የነበረው ምስሉን ያጣል። የእኔ ጨዋታ ቁመታዊ ላይ ነበር፤ አማቴ አግድም ላይ ያለ ጣቢያ ሲከፍቱ እኔ ጨለማ ውስጥ እቀራለሁ፤ እሳቸው ምንም አያውቁም። መለየት ቀላል ነው። አንዱን ዲኮደር ከሶኬት ንቀሉት፤ የሌላው ምስል ከተመለሰ ጥፋቱ የዲሹም የክፍያውም አይደለም። ክፍያ ሲያልቅ ማያው ስለ ክፍያ ወይም ስለ ካርዱ ይናገራል፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ክፍል አንድ ላይ ይቸገራል።

መፍትሔው ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ መግዛትና ከእያንዳንዱ መውጫ የራሱን ገመድ ማውረድ ነበር። ሠራ። ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ። ሁለተኛው ዲኮደር ዋናውን በቀጭን ገመድ እየጠየቀ ነው የሚኖረው፤ የዚያ ምላሽ ከተቋረጠበት ይዘጋል። ባለቤቴ መብራት ሲዋዥቅ የሳሎኑን ሶኬት የመንቀል ልማድ አላት፤ አማቴም «ደግሞ ጠፋብኝ፣ ልጄ» እያሉ ይጠሩኛል።

በሁለተኛው ወር አንድ ምሽት ከጎናቸው ቁጭ ብዬ የሚያዩትን ልብ አልኩ። ዜና፣ የአገር ውስጥ ድራማ፣ እሑድ ጠዋት መዝሙር። ሁሉም የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ኢትዮሳት በሚባለው ስርጭት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣሉ። ምን እንደሚያዩ ዲኮደር ከመግዛቴ በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ትንሽ ዲሽና ተራ ሪሲቨር ገዛሁ። ከሐዋሳ ሲታይ ያ ሳተላይት ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከፍ ያለ በመሆኑ የጎረቤት ፎቅም ሆነ ጊቢያችን ያለው ዛፍ አልጋረደብንም። ባለሙያው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

የተጨማሪ ክፍሉን ክፍያ ማቆም ግን ዲኮደሩን ከሶኬት ከመንቀል የተለየ ሥራ ነው። እኔ ነቅዬው ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ክፍያው እንደገና መጣ። ትስስሩ እንዲፈታ ቢሮ ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የመዝጊያው ቀንም ከመክፈያው ቀን በፊት መሆን ነበረበት። ያችን አንድ ወር በከንቱ ከፈልኩ። ሁለተኛው ዲኮደር ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ገዢም አላገኘሁለትም።

አሁን አማቴ ክፍል ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። የእኔ ፓኬጅ በወሩ መጨረሻ ሲያልቅና ደመወዝ ሲዘገይ ዜና የማየው እዚያ ነው። መቆጣጠሪያውን ግን አይሰጡኝም።