«አሰራር» ወይስ «አሠራር»? አንድ የበሶ ቪዲዮ ያስተማረኝ

ደብረ ብርሃን ላይ እናቴ የሚያዘጋጁትን ምግብ እየቀረጽሁ ዩቲዩብ ላይ መጫን ከጀመርሁ አንድ ዓመት አለፈኝ። ስለ ካሜራውና ስለ ማድ ቤቱ ጨለማ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ዛሬ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከስምንት ወር በፊት የጫንሁት የ11 ደቂቃ የበሶ ቪዲዮ ነው። ዛሬም በየቀኑ አዲስ ተመልካች ያገኛል፤ አብዛኛውም በፍለጋ የመጣ ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት ርዕስ «የአያቶቻችን የጉልበት ምንጭ» የሚል ነበር። በጣም እወደው ነበር፤ ግን እንዲህ ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። በሶ መሥራት የፈለገ ሰው የሚጽፈው «የበሶ አሰራር» ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቀን የታገልሁት። ቃሉ «ሠራ» ከሚለው የመጣ ስለሆነ ትክክለኛው «አሠራር» በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሰ እና ሠ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የፍለጋ ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያይልኛል ብዬ መተማመን አልፈለግሁም።

ስለዚህ ግምቴን ትቼ የቻናሉን መረጃ ከፈትሁ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ከተመልካች ምንጮች YouTube search የሚለውን ስትነኩ ሰዎች የጻፏቸው ቃላት ይዘረዘራሉ። የእኔ ዝርዝር ላይ «የበሶ አሰራር» ከሁሉም በላይ ነበር፤ «የበሶ አሠራር» ከሥሩ፤ ከዚያም የአማርኛ መጻፊያ የሌላቸው ሰዎች የጻፉት ye beso aserar። የከተማችን ስም እንኳ «ብርሃን» እና «ብርሀን» እየተባለ በሁለት መልክ መጥቷል።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህን ነው። ብዙው ሰው የጻፈውን «አሰራር» ልቤ እያዘነም ቢሆን ርዕሱ መጀመሪያ ላይ አስገባሁት፦ «የበሶ አሰራር ከገብሱ አመራረጥ እስከ መበጥበጡ»። «አሠራር» የሚለውን በማብራሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ሰው በሚያነበው ወግ ጻፍሁት። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን መለያ ቃላት ከሚገቡበት ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። ዩቲዩብ ራሱ እነዚህ ቃላት በፍለጋ ያላቸው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ፣ የሚረዱትም በተለይ ሰዎች አሳስተው ለሚጽፉት ቃል እንደሆነ ይናገራል። ለአማርኛ ግን ጉዳዩ ይኸው ነውና እኔ አልተዋቸውም። «ምርጥ ምግብ» ዓይነት ቃል መደርደሩን ግን ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ።

ከማብራሪያው ሥር ምዕራፎቹን ጻፍሁ፦

```
00:00 ገብስ መልቀም
02:10 መቁላት
05:40 መሸክሸክ
08:15 መበጥበጥ
```

የመጀመሪያው 00:00 ካልሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ካልሆኑ ወይም አንዱ ከ10 ሰከንድ ካጠረ ምዕራፎቹ አይታዩም። እኔ ከ00:05 ጀምሬ ለምን እንዳልታዩ ሁለት ቀን ፈልጌያለሁ።

ከዚያ ጥፋት ሠራሁ። ከዚሁ ቪዲዮ የ40 ሰከንድ አጭር ቅንጭብ ቆርጬ፣ ያንኑ ርዕስ፣ ያንኑ ማብራሪያና ሃያ ያህል ሃሽታግ ገልብጬ ለጠፍሁበት። ምንም አላመጣም። ርዕሱን ሦስት ጊዜ ቀየርሁ፤ አሁንም ምንም። የቅንጭቡን የተመልካች ምንጭ ሳይ ነው የገባኝ፦ ሁሉም ማለት ይቻላል ከ Shorts feed፣ አጫጭር ቪዲዮዎች ተከታትለው ከሚመጡበት መንገድ፣ የመጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ምንም አልፈለጉም፤ ጣታቸውን ወደ ላይ እየገፉ ሳለ እናቴ ብቅ አሉባቸው። ርዕሱን የሚያዩት ቪዲዮው ከተጀመረ በኋላ ከታች በትንንሽ ፊደል ነው፤ ማብራሪያውን ደግሞ ካልከፈቱት አያዩትም። በደንብ ያሰብሁበት የሽፋን ሥዕልም እዚያ መንገድ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ለቅንጭብ የምመለከተው ቁጥር ሌላ ነው፦ ካጋጠማቸው ሰዎች ስንቱ ቆመው አዩ፣ ስንቱ አለፉ። የእኔን ብዙዎቹ ያለፉት በመግቢያው ሰላምታ ላይ ነበር። ሰላምታውን ቆርጬ፣ ገብሱ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ በሚሰማው ድምፅ አስጀምሬ፣ በጉልህ ፊደል «መቆላቱን በምን እናውቃለን?» ብዬ ምስሉ ላይ ጻፍሁና እንደ አዲስ ጫንሁት። ርዕሱም ይኸው አጭር ጥያቄ ሆነ፤ ሃሽታጉ ሁለት ብቻ። ያን ጊዜ የሚቆመው ከሚያልፈው በለጠ። ረጅሙን ቪዲዮ ርዕሱንና ማብራሪያውን ቀይሬ ከሞት አስነሥቼዋለሁ፤ ቅንጭቡን ያዳነው ግን መቀሱ ነው።

ከቅንጭቡ ወደ ረጅሙ ለመውሰድ በማብራሪያ ውስጥ አድራሻ አትለጥፉ። ከነሐሴ 2023 ማብቂያ ጀምሮ በቅንጭብ ማብራሪያና አስተያየት ላይ ያለ አድራሻ ሲነካ አይከፍትም። በስቱዲዮ ውስጥ ተዛማጅ ቪዲዮ የሚያያዝበት ቦታ አለ፤ እኔ ረጅሙን በሶ እዚያ አያይዤዋለሁ። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ የጭብጦ ቪዲዮ ስቀርጽ ግን ጥያቄውን ቅንጭቡ ላይ፣ መልሱን ረጅሙ ላይ አድርጌ እሞክረዋለሁ።