ውድቅ የሆነ ታሳቢ እንዴት ስጋት ይሆናል፦ ከአዘዞው ግንባታ የተማርኩት

ጎንደር ውስጥ አዘዞ በኩል ለተሠሩ ሁለት መማሪያ ክፍሎች የታሳቢዎችንና የገደቦችን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ታሳቢ የምለው ገና ሳይረጋገጥ እውነት ይሆናል ብለን ዕቅዱን የምናቆምበትን ነገር ነው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት መዝገብ ያዝ ለተባለና ቅጹ ብቻ ለተሰጠው ሰው ነው። ቅጹ ምን እንደሚሞላ ይናገራል፤ አንዱ መስመር ውድቅ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ቁጥር፣ ታሳቢው፣ ማን እንዳለው፣ በእጅ ያለው ማስረጃ፣ የሚረጋገጥበት ቀን፣ የሚከታተለው ሰው፣ እንዲሁም በታሳቢው ላይ የተንጠለጠለው ሥራ ይሰፍራሉ። ተከታታዩ ሰው ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤት አይሁን። ቅጾች ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ የሚል አምድ አላቸው። እኔ አውጥቼው በምትኩ «ቢወድቅ ስንት ቀን፣ ስንት ብር» የሚል አስገባሁ። መመሪያው በየሩብ ዓመቱ ከልሱ ይላል። ለግንባታ ይህ አይሠራም፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቀን ይኑረው፣ የዚያ ሳምንት ቀኖች ደግሞ በቅዳሜው የሳይት ስብሰባ ፎርማኑ ባለበት ይነበቡ።

ገደብ የምለው ሰነድ ወይም ሰማይ የሚመሰክርለትን ነገር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፣ ዝናቡ ሰኔ ላይ ይጠነክራል፣ በጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ በጭነት መኪና መግባት አይታሰብም። ማስረጃ የሌለው «አይቻልም» ግን ገደብ ሳይሆን ታሳቢ ነውና ወደዚያው ተዛውሮ እንደሌሎቹ ይረጋገጥ።

አሁን ወደ ታሳቢ ቁጥር 7 ልምጣ። መጀመሪያ ከዕቅዱ ሰነድ የመጣው «ሳይቱ ላይ ውሃ ይኖራል» ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መቼም ውድቅ አይሆንም፤ ከቧንቧው ጠብታ እስከወረደ ድረስ እውነት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ስለዚህ «የሳይቱ መስመር እስከ መጋቢት 15 ተገናኝቶ ቆጣሪ ይገጠምለታል፣ በቀን ቢያንስ 1,500 ሊትር ይሰጣል» ብዬ ቀየርኩት። የወለሉ ኮንክሪት የሚሞላው ሚያዝያ 5 ስለነበር መጋቢት 15 የተመረጠው ሌላ መፍትሔ ለማዘጋጀት ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲተርፍ ነው። የማረጋገጫው ቀን ከሥራው ቀን ጋር ከተጣበቀ መዝገቡ የሚነግርህ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ማስረጃ በሚለው አምድ ስር የነበረው «በቃል ተነግሯል» ብቻ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ባለሙያ በተጠየቀ ቁጥር «በዚህ ሳምንት ያልቃል» ይል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ «አይደርስም» የሚል አንድ ግልጽ ቃል ብዙ ነገር ያድን ነበርና። እናንተ የሚነገራችሁን ቃል ትታችሁ ሥራው የደረሰበትን ደረጃ ተመልከቱ። የውሃ መስመር ማመልከቻ ገብቶ፣ ቦታው ታይቶ፣ ዋጋ ወጥቶ፣ ክፍያ ተፈጽሞ፣ ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ፣ ቦይ ተቆፍሮ ነው ቆጣሪ የሚገጠመው። የእኛ ክፍያ ደረሰኝ ነበረው፤ ቧንቧውና መገጣጠሚያው ግን ከመጋዘን አልወጣም፣ መሬቱም ዶማ አልነካውም። ደረሰኝ በእጅ እያለ የመጋዘን ወጪ ከሌለ ታሳቢው ቀኑ ሳይደርስ መንገዳገድ ጀምሯል ማለት ነው።

መጋቢት 15 ቆጣሪ ስላልነበረ መስመሩን «ውድቅ» ብዬ ዘጋሁት። አይሰረዝም፤ ቀኑና ምክንያቱ ተጽፎ እዚያው ይቆያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው፤ ስጋት መዝገብ ላይ «ውሃ ላይመጣ ይችላል» ብለው ይጽፋሉ። አለመምጣቱ ግን የታወቀ ነገር ሆኗል፤ የታወቀ ነገር ደግሞ ስጋት አይባልም። የወደቀው ታሳቢ ምክንያት ይሆናል፣ ስጋቱ ከዚያ ምክንያት ሊወለድ የሚችለውና ገና ያልደረሰው ነገር ነው። ቀድሞውኑ ከደረሰ ደግሞ ወደ ችግሮች መዝገብ ይሄዳል። ስጋት ቁጥር 11ን የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «መስመሩ ስላልተገናኘ (ከታሳቢ 7)፣ የወለሉ ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ከሆነ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬውም ይጎድላል፣ ፈርሶ ይሠራ ከተባለ ክፍያው ከሰኔ 30 ያልፋል።» እንዲህ ሲጻፍ ሰው መስመሩን ማሳደዱን ትቶ ስለ ኮንክሪቱ ማሰብ ይጀምራል።

ከዚያ ልኩን ማስላት ነው። ወለሉ 160 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 16 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 180 ሊትር ብንል ለማቡኪያ 2,900 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለማጠጣት በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ይዤ ለ7 ቀን 5,600 ሊትር አገኘሁ፤ ለሚክሰር ማጠቢያና ድንጋዩን ለማራሻ 1,000 ጨመርኩ። ሁሉም 9,500 ሊትር ነው። ከግማሽ በላይ የሚሄደው ከሙሌቱ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ «ለማቡኪያው በርሜል ይበቃል» የሚል ኮንትራክተር ይህን ነው የሚዘልለው። ሚያዝያ ላይ ጎንደር ደረቅና ፀሐያማ ስለሆነ ጆንያ አልብሶ ማራሱ የግድ ነው።

ጊዜውም ይሰላ። ከወለሉ እስከ ጣሪያ ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል፣ ይህም ሰኔ 8 ያደርሳል። ልኬትና የክፍያ ሰነድ ሁለት ሳምንት ሲጨመርበት ሰኔ 22 ይሆናል። የቀረው 8 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ወለሉን ለሁለት ሳምንት ማራዘም ገደቡን ይጥሳል፤ መስመሩን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከአማራጭ የወጣው በዚህ ነው።

መልሱ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ መትከልና በቦቴ መሙላት ሆነ። ውሃው ከሚጠጣ ምንጭ ይሁን፤ ደለል የበዛበት የወንዝ ውሃ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ከሙሌቱ ዋዜማ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሮቶዎቹ ይለካሉ፣ ለማቡኪያ፣ ለማጠቢያና ለሦስት ቀን ማጠጫ የሚበቃ 6,300 ሊትር ከሌለ በማግስቱ ሙሌት የለም። ይህን ውሳኔ ፎርማኑ ራሱ ይፈርምበታል፣ ከላይ ማንም «ግዴለም፣ ጀምሩ» እንዳይለው።

መልሱም የራሱን ታሳቢ ወለደ፦ ቦቴው በቀኑ ናፍጣ አግኝቶ ይመጣል የሚል። እሱ ታሳቢ 19 ሆኖ ገባ፤ ማረጋገጫው ከሙሌቱ አራት ቀን በፊት፣ ማስረጃው የመጀመሪያው 5,000 ሊትር ሮቶው ውስጥ መገልበጡ፣ ተከታታዩም የግዥ ሠራተኛው። ለእያንዳንዱ የስጋት መልስ «ይህ እንዲሠራ ምን እውነት መሆን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በዚያው ቀን ወደ መዝገቡ አስገቡ፤ ከስጋት 11 ጎንም የ19 ቁጥር ይጻፍ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ለማየት።